«መሆኑን ለመረዳት ተችሏል» የሚበላው ቦታ

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን ለመጽሔት እያዘጋጀሁ ነው። የገጽ ገደቡ ጥብቅ ስለሆነ የውይይቱን ክፍል ማሳጠር አለብኝ፤ በቆረጥኩ ቁጥር ግን ዋናው ሐሳቤ የሚጠፋ ይመስለኛል። አንድ አንቀጽ ልኬልዎታለሁ፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መቀሱን ከማንሳትዎ በፊት አንቀጹን ዘግተው «ምን እያልኩ ነው?» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። የእርስዎን አንቀጽ አንብቤ እኔ የጻፍኩት ይህ ነው፦ የመምህራን አስተያየት አደረጃጀትን አሻሻለ፣ ፊደልን ግን ብዙም አልነካም፤ ለምን እንደሆነም ግምት አለ። ከዚህ በኋላ የሚቆረጠው ሁሉ በዚህ ይመዘናል። አንቀጹ እነሆ፦

«ከላይ በቀረበው የውጤት ትንተና ክፍል ላይ በግልጽ ለመመልከት እንደተቻለው፣ የመምህራን የጽሑፍ አስተያየት መሰጠቱ በተማሪዎች የድርሰት አደረጃጀት ላይ መሻሻልን ያስገኘ መሆኑን ለመረዳት ተችሏል። ይሁን እንጂ በሌላ በኩል በፊደል አጻጻፍ በኩል ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ ሊታይ አልቻለም። ይህም ሊሆን የቻለበት ምክንያት ምናልባት መምህራኖቹ በሚሰጡት አስተያየት ውስጥ ትኩረት አድርገው የነበረው በሐሳብ ፍሰት ላይ ስለነበረ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይገመታል።»

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ይመልከቱ። በአማርኛ ዋናው ግስ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ አንባቢም እስከዚያ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። እርስዎ ግን ያንን የክብር ቦታ ለ«ተችሏል» ሰጡት። ግኝትዎ «ያስገኘ» ውስጥ ተቀብሯል፣ «መሻሻል» ደግሞ ስም ሆኖ ደርቋል። ስሙን ወደ ግስ መልሱትና መጨረሻ ላይ ያስቀምጡት፦ «አሻሽሏል»። ያን ጊዜ «ያስገኘ መሆኑን ለመረዳት ተችሏል» በራሱ ይወድቃል። (ይህ አነጋገር ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የተወረሰ ይመስለኛል፤ «እኔ ተረዳሁ» ላለማለት የሚደረግ ዙሪያ ጥምጥም ነው።) «ከላይ በቀረበው» ብሎ የሚጀምረው መግቢያም አያስፈልግም፤ የውይይት ክፍል የሚያወራው ስለ ውጤቱ እንደሆነ አንባቢ ያውቃል።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «ይሁን እንጂ»፣ «በሌላ በኩል» እና «ግን» እያለ አንዱን ተቃርኖ ሦስት ጊዜ ይናገራል። የምናስቀረው «ግን»ን ነው፤ ከሚነጻጸረው ቃል ኋላ ተለጥፎ ንጽጽሩ የት እንደሆነ በትክክል ያሳያልና።

በሦስተኛው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ምናልባት»፣ «ሊሆን ይችላል» እና «ተብሎ ይገመታል» ሦስቱም የግምት ምልክቶች ናቸው። ሁለቱ ይሂዱ፤ ሦስቱንም ካወጡ ግን ግምትዎ ግኝት ሆኖ ይነበባል። ገምጋሚውም «ይህን በምን አረጋገጥህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሲያጥር እንዲህ ይሆናል፦

«የመምህራን የጽሑፍ አስተያየት የተማሪዎችን የድርሰት አደረጃጀት አሻሽሏል፤ የፊደል አጻጻፋቸውን ግን እምብዛም አልለወጠም። ይህ የሆነው አስተያየቱ በሐሳብ ፍሰት ላይ ስላተኮረ ሊሆን ይችላል።»

ከ56 ቃል ወደ 21 ወረደ። መጀመሪያ ስሞክረው «አልለወጠም» ብቻ ብዬ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ያምራል፣ ግን ሐሰት ነው። እርስዎ ያሉት «ይህ ነው የሚባል ለውጥ ሊታይ አልቻለም» ነው እንጂ ጨርሶ ለውጥ የለም አይደለም። ስለዚህ «እምብዛም» ተመለሰች። «የጽሑፍ» የምትለውንም ቃል እንዳይነኩ፤ ያጠኑት የቃል አስተያየትን አይደለምና እሷ ከወጣች ክርክርዎ ካጠኑት በላይ ይሰፋል። የሚጎዳው ቁረጣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው፤ አንድ ትንሽ ቅጽል ትወጣለች፣ ዓረፍተ ነገሩ ደህና ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን ተቀይሯል። አዲሱን ከአሮጌው ጎን አድርገው «ይህን ብዬ ነበር ወይ?» ብለው በየቃሉ ይጠይቁ።

«መምህራኖቹ» ከተቆረጠው ጋር አብሮ መሄዱ ደግሞ ደስ ብሎኛል። «መምህራን» በግእዝ ሥርዓት የበዛ ቃል ነው፤ ሌላ «ኦች» መጨመር ብዙን ማብዛት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ገደቡ በገጽ እንጂ በቃል ስላልሆነ የቃል ቁጥር ሊያታልልዎ ይችላል። አማርኛ በአንድ ቃል ላይ ብዙ ይሸከማል፤ «እንደሚያስፈልጋቸው» አንድ ቃል ሆኖ ሳለ የሁለት አጫጭር ቃላት ቦታ ይይዛል። ስለዚህ የመጨረሻው መስመራቸው ላይ አንድ ወይም ሁለት ቃል ብቻ ያለባቸውን አንቀጾች ይፈልጉ። እዚያ አንድ «ከመሆኑም በላይ» ወይም አንድ «እንደሚታወቀው» ቢወጣ ሙሉ መስመር ይተርፋል። መስመሩ ሙሉ በሆነ አንቀጽ ላይ ግን ሦስት ቃል ቢቆርጡም ገጹ አይንቀሳቀስም።