ፊደል የለየ ልጅ ቃል እንዲያነብ፦ ለአንደኛ ክፍል ጀማሪ መምህራን

ውድ ወጣት መምህራን፣

የፊደል ገበታውን 231 ፊደላት በዜማ የሚወርድ ልጅ «ሎሚ» የሚል ቃል ሰሌዳ ላይ ሲጻፍለት ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። «ሎ» ብሎ ያቆማል፣ «ሚ» ብሎ ያቆማል፤ ከዚያ የሚይዘው ያጣል። ፊደሎቹን ያውቃቸዋል፤ ያልተማረው ሁለቱን ድምፆች አጣምሮ አንድ ቃል ማድረግን ነው። ማጣመር ደግሞ ፊደል ስለተቆጠረ ብቻ አይመጣም። ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ የራሱ ቅደም ተከተልም አለው።

መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ ጀምሩ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። እናንተ «ዶ…ሮ» በሉ፤ ልጆቹ «ዶሮ» ብለው ይመልሱ። በመጀመሪያው ዙር በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለው ፋታ በደንብ የሚሰማ ይሁን፤ በሁለተኛው አሳጥሩት፤ በሦስተኛው ጨርሶ ይጥፋ። በጆሮው ማጣመር ያልቻለ ልጅ በዓይኑ አያጣምርም፤ ስለዚህ ይህን ደረጃ አትዝለሉት።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው እለፉ። ለመጀመሪያው ሳምንት ዘጠኝ ፊደል በቂ ነው፦ ዶ፣ ሮ፣ ጆ፣ ሎ፣ ሚ፣ ላ፣ ባ፣ ሜ፣ ዳ። ከእነዚህ ዶሮ፣ ጆሮ፣ ሎሚ፣ ላባ፣ ሜዳ እና ባዶ ይወጣሉ። ስድስቱም ባለ ሁለት ፊደል ናቸው፤ ሳድስ የለባቸውም፤ ሲነገሩም ላልተው ነው። ይህ ምርጫ ለምን እንደሚጠቅም ወደ ታች እመለስበታለሁ። ቃሉን ከመጻፋችሁ በፊት ግን ፊደሎቹን አዘበራርቃችሁ በካርድ አሳዩ። «ሜ»ን ለማግኘት «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ» ብሎ የሚቆጥር ልጅ ቆጥሮ እስኪደርስ የቀደመውን ድምፅ ይረሳዋል፤ ስለዚህ ፊደሉን ያለ ቆጠራ፣ እንዳየው ወዲያው መጥራት አለበት።

አሁን «ሎሚ» ብላችሁ ጻፉ። ጣታችሁን ከ«ሎ» ሥር አድርጋችሁ «ሎኦኦ» እያላችሁ ሳቡት፤ ድምፁ ሳይቋረጥ ጣታችሁ ወደ «ሚ» ይሂድ፤ ሲደርስ «ሚ» በሉ። ከዚያ ጣታችሁን በቃሉ ሥር በፍጥነት እየሳባችሁ «ሎሚ» ብላችሁ ጨርሱት። የሥራው ቁልፍ ያ ሳይቋረጥ የሚሳበው ድምፅ ነው። በሁለቱ ፊደላት መካከል ትንፋሽ ከተቆረጠ ልጁ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው የሰማው። መጀመሪያ እናንተ አሳዩ፣ ቀጥሎ አብራችሁ አንብቡ፣ በመጨረሻ እነሱ ብቻቸውን ያንብቡ። አብራችሁ ካነበባችሁ በኋላ ዝም ማለት ለብዙ መምህር ይከብደዋል፤ ግን እናንተ ዝም ካላላችሁ ማን እንዳነበበ አታውቁም።

ልጁ ሲሳሳት ስህተቱን ለዩት። ሁለቱን ፊደላት ለየብቻ ሲያሳዩት ካልለየ ችግሩ የፊደል ነው፤ ወደ ካርዱ መልሱት። ለየብቻ ለይቶ አብረው ሲጻፉ ከጠፋው ችግሩ የማጣመር ነው፤ ወደ ጆሮው ልምምድ መልሱት። «ዶሮ» ተጽፎ «ዶማ» ካለ ደግሞ የመጀመሪያዋን ፊደል አይቶ እየገመተ ነው። በአጠገቡ ሥዕል ካለ ሸፍኑት፤ ከዚያ «ዶ»ን ብቻ አጥፍታችሁ በ«ጆ» ተኩ። አንድ ፊደል ብቻ ሲለወጥ ቃሉ በሙሉ እንደሚለወጥ ሲያይ መገመቱን እየተወ ይመጣል። በቃሉ ይዞት እንደሆነ ከተጠራጠራችሁ «ሜሮ»፣ «ዳሚ»፣ «ጆላ» ብላችሁ ትርጉም የሌለው ቃል ጻፉለት። ያንን ካነበበ በእርግጥ አጣምሯል።

ቀጣዩ ደረጃ ሳድስ ነው፤ ብዙው ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ፊደል ሲቆጠር «ት» የምትጠራው እንደ «ትእ» ነው። ልጁ «ቤት»ን ሲያነብ የለመደውን ይዞ «ቤ…ትእ» ይላል፤ እንዲህ የሚባል ቃል ደግሞ ሰምቶ አያውቅም። የቃል መጨረሻ ላይ ያለች ሳድስ ከእርሷ በፊት ባለው ፊደል ላይ ተደግፋ እንደምትዘጋ ማሳየት አለባችሁ። «ቤ» ብቻ ጻፉና «ቤኤኤ» አስብሏቸው። ድምፁ እየተሳበ ሳለ «ት»ን ጨምሩ፤ ምላሳቸው ላይ ይዝጉት፦ «ቤኤኤት»። በ«ላም»፣ በ«ጣት» እና በ«ማር» ድገሙት። ከዚያ «ቤት፣ ቤቱ፣ ቤቴ» ብላችሁ ጎን ለጎን ጻፉ፤ አንዷ አፍ ላይ ስትዘጋ ሁለቱ ክፍት ሆነው እንደሚያልቁ በራሳቸው አፍ ይሰማቸዋል።

«ልጅ» እና «ስም» ከዚህ በኋላ ይምጡ እንጂ አይቅደሙ። በ«ልጅ» ውስጥ ሁለቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ ነገር ግን «ል» አጭር ድምፅ ይዛ ትነሣለች፣ «ጅ» ትዘጋለች። መዝጋትን አስቀድሞ ያልተለማመደ ልጅ ይህን ሲያይ ግራ ይገባዋል። ረዘም ወዳሉ ቃላት ስትሄዱም ከ«ወንበር»፣ ከ«ደብተር» እና ከ«መስኮት» ጀምሩ። «ወንበር» በአራት ድምፅ ከተቆራረጠ መልሶ ለመግጠም ይከብዳል። «በር»ን በእጃችሁ ሸፍኑና «ወን» ይበሉ፤ ከዚያ ግለጡት፣ «በር» ይበሉ፤ ከዚያ «ወንበር»። «ምግብ»ን የመሰለ በሳድስ የተሞላ ቃል ግን ይቆይ፤ የትኛዋ ሳድስ ድምፅ እንደምትይዝ ልጁ የሚያውቀው ቃሉን በጆሮው ከለየው በኋላ ነው።

በብዙ ተማሪ ክፍል ውስጥ የኅብረት ንባብ ያታልላል፤ አምስት ልጆች ያነባሉ፣ ሌላው ከአፋቸው እየቀማ ይከተላል። ከኅብረቱ በኋላ በረድፍ፣ ከዚያ በተናጠል አስነብቡ። በቀን ስድስት ልጅ ብትሰሙ 60 ተማሪ ያለበት ክፍል በአሥር የትምህርት ቀን ይዳረሳል። ከማን ምን እንደሰማችሁ በአንድ መስመር ጻፉ፦ «ፊደል»፣ «ማጣመር»፣ «ሳድስ»።

የመጨረሻው ነገር መጥበቅ ነው። ብዙዎቻችን ለመጀመሪያ ንባብ «ቡና»ን፣ «ዳቦ»ን እና «ጫማ»ን እንመርጣለን፤ ቀላል ይመስላሉና። ሦስቱም ግን ሁለተኛ ፊደላቸው ይጠብቃል፤ ጽሑፉ ደግሞ ይህን አያሳይም። ልጁ «ቡ» እና «ና»ን በትክክል ቢያጣምርም የሚወጣው ላልቶ ነው፤ ስለዚህ የሚያውቀው ቡና መሆኑ አይታየውም። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቃላት የላሉ የሆኑት ለዚህ ነው። ማጣመሩን ሲለምድ «ቡና»ን አምጡና «የምታውቀው ቃል ካልመጣልህ አጥብቀህ ሞክረው» በሉት። መጀመሪያ ሁለቱንም አነባበብ እናንተ አሰሙት፤ የትኛው ቃል እንደሆነ እሱ ይምረጥ። ላልቶም ጠብቆም ትርጉም የሚሰጠውን «ዋና»ን ግን ለብቻው ጽፋችሁ አታስነብቡት። «አሳ ዋና ይችላል» እና «ይህ ዋና መንገድ ነው» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮችን ማንበብ እስኪችል አቆዩት፤ እዚያ ሲደርስ መጥበቅ መላላቱን አጠገቡ ያሉት ቃላት ይነግሩታል።