የእናትሽ ጭንና የኮሌስትሮሉ ክኒን

«እናቴ 77 ዓመቷ ነው። ልቧንም አሟት አያውቅም፣ ስትሮክም ይዟት አያውቅም። ለመከላከያ ተብሎ የኮሌስትሮሉን ክኒን ሲምቫስታቲን 6 ዓመት ወስዳለች። አሁን ጭኖቼን ያመኛል ትላለች። ታቁም ወይስ ትቀጥል?»

እህቴ፣ አባዬም እንዲሁ ሆኖ ነበር። በመጀመሪያ ግን ልቧ ታሞ ወይም ስትሮክ ይዟት ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። እንደዚያ ያለ ሰው መድኃኒቱን በራሱ አያቆምም። ምንም ሳይዛቸው 75ን ያለፉ ላይ ግን ጥናቱ ትንሽ ነው። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ከ76 ዓመት ጀምሮ አዲስ ለመጀመር ይሁን አይሁን የሚያስብል በቂ ማስረጃ የለም አለ። አይሠራም ግን አላለም።

አባዬ 79 ዓመቱ ነበር። ሲምቫስታቲን 40 ሚሊግራም ይወስዳል። ግፊቱ ሲጨምር ሌላ ቦታ አምሎዲፒን ታዘዘለት። የትኛውም ሐኪም የሌላውን ክኒን አልጠየቀም፣ እኛም አልተናገርን። ሁለት ወር ሳይሞላ ከሂርማታ ገበያ ሲመለስ ሁለቱም ጭኖቹ ይዝሉ ጀመር። ቡና ጠጥቶ ከበርጩማ ሲነሳ ጠረጴዛ ይደገፋል። እርጅና ነው ብለን ተውነው።

አንድ ቀን ሁለቱን ፓኬት ይዤ እዚሁ ጅማ ያለ ፋርማሲስት ጋ ሄድኩ። አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲኑ ከ20 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም አለኝ። አምሎዲፒን ሲምቫስታቲንን ደም ውስጥ ስለሚያበዛው ጡንቻው ይጎዳል።

ይህን ለሐኪሙ ነገርነው። ሲምቫስታቲኑን ከማስቆሙ በፊት ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ምርመራና ታይሮይድ አዘዘ። የታይሮይድ ማነስ ጡንቻንም ያሳምማል፣ ኮሌስትሮልንም ከፍ ያደርጋል። ሁለቱም ደህና ነበሩ። ከዚያ 4 ሳምንት አስቆመው። እኔ እሁድ እሁድ እጁን ሳይደገፍ ከበርጩማ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ እቆጥር ነበር። በመጀመሪያው እሁድ አንዴም አልተነሳም፣ በሦስተኛው አምስት ጊዜ። ሕመሙ ባይለቅ ኖሮ ጥፋቱ ምናልባት የመድኃኒቱ አይደለም ማለት ነበር።

ከዚያ በኋላ ይቀጥል ወይስ ይተው የሚለው መጣ። ሐኪሙ ጥቅሙ ዛሬ ነገ የሚታይ አይደለም፣ ከ50 እስከ 75 ዓመት ባሉት እንኳ ወደ 2 ዓመት ተኩል ገደማ ይወስዳል አለን። ብዙ ሌላ በሽታ ያለበት፣ አቅሙ የደከመ አዛውንት ቢሆን ይተወው ነበር። አባዬ ግን በእግሩ ገበያ ይወርዳል። ወንድሙ በስትሮክ አልጋ ላይ ሲማቅቅ ስላየም «ልውሰደው» አለ። ወደ ሌላ የኮሌስትሮል ክኒን፣ ወደ አቶርቫስታቲን 10 ሚሊግራም ተቀየረለት፣ ጭኑም አልታመመም።

አንቺም የእናትሽን ክኒኖች ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘሽ ሐኪሟ ጋ ሂጂ። ሽንቷ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ከፍተኛ ድካም ከያዛት ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሲምቫስታቲኑን አቁማ በዚያው ቀን ትታይ። ለኢንፌክሽን ክላሪትሮማይሲን ከታዘዘላትም ሲምቫስታቲን እንደምትወስድ ንገሪ፤ ሁለቱ አብረው አይወሰዱም።