ለአያት የቡና አጣጭ መላክ

ዓይናቸው ለደከመና እግራቸው አላራምድ ላላቸው አያት ከውጭ የሚላከው ዕቃ መጨረሻው ይታወቃል። ብርድ ልብሱ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ዘመናዊው ስልክ ወደ ልጅ ልጅ ኪስ ይሻገራል፣ ቴሌቪዥኑን ሌላው የቤት ሰው ያየዋል። ጎንደር ያለች አንዲት አሮጊት ቀኑን የምትቆጥረው በሰው ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ቀረ። እግር ከቤት ሲያስቀር የሚጎድለው መጀመሪያ የቡና አጣጭ ነው። ስለዚህ የምመክራችሁ ስጦታ በሳምንት ሦስት ቀን በእሳቸው ቤት የሚፈላ፣ ጎረቤት የሚሰበሰብበት ቡና ነው። ገንዘብ መላኩ ቀላል ነው፤ የሚከብደው አደረጃጀቱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ዓይናቸው ታይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። ብሌኑ ነጣ ካለና ዕይታው ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ከመጣ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ ሞራ ደግሞ ተገፎ ዕይታ የሚመለስበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ይሰጣል። ታይቶ የማይመለስ ከሆነ ወደ ቡናው እንሂድ።

አንድ ቤት እንውሰድ። አያት የ82 ዓመት ናቸው፣ አዘዞ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጅቱ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። ቀን ቤት የምትውለው አጋዥ አንድ ልጅ ናት። በቅርብ አራት ጎረቤቶች አሉ፤ ድሮ ከአያት ጋር ቡና ይጠራሩ የነበሩ ሴቶች። አያት በተራቸው መሄድ ስላቃታቸው ከጥሪው ወጡ፤ ጎረቤቶቹም እየቆዩ መምጣቱን ተዉት። ክፋት የለበትም። ቡና በተራ የሚጠጣ ነገር ነውና ተራ የማይመልስ ሰው ሳይታወቅ ይረሳል።

እዚህ ላይ ከውጭ ያለው ዘመድ የሚሠራው ትልቁ ስህተት «ወጪውን ሁሉ እኔ እችላለሁ» ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ቤቱ ይሞላል። ከዚያ አንዷ «ሥራ በዛብኝ» ትላለች፣ ሌላዋ «እንግዳ መጣብኝ» ትላለች፤ በወሩ መጨረሻ አያት ከአጋዧ ጋር ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ምክንያቱ ይሉኝታ ነው። ሁልጊዜ የሰው ቡና መጠጣት፣ ያውም ከውጭ በሚላክ ብር፣ ጎረቤትን ያሳፍራል። መፍትሔው ተራው እንዲዞር፣ ቦታው ግን እንዳይዞር ማድረግ ነው። ከሦስቱ ቀን አንዱ ወይም ሁለቱ የአያት ተራ ይሁን፤ በቀረው ቀን ባለተራዋ ጎረቤት የራሷን ቡና ይዛ መጥታ እዚያው ታፈላለች። ከሰሉ፣ ጀበናው፣ ስኒው የቤቱ ነው፤ ቡናውና ቁርሱ የባለተራዋ። ይህን እናንተ በስልክ አታስረዱ። ከጎረቤቶቹ አንጋፋዋ፣ ሌሎቹ የሚሰሟት ሴት ትናገር፤ እናንተ እሷን ብቻ አነጋግሯት።

አሁን ሂሳቡ። ለስድስት ሰው አቦል፣ ቶናና በረካ ለማድረስ ሁለት ስኒ ያህል ጥሬ ቡና ይበቃል፤ በሚዛን ወደ መቶ ግራም ገደማ ነው። አያት በሳምንት ሁለት ተራ ቢይዙ በወር ዘጠኝ ቀን ያህል ይሆናል፤ እንግዲህ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ወሩን ያደርሳል። ስኳር ከቡናው ትንሽ ይበልጣል፤ አንድ ኪሎ ተኩል ያዙ። ለቁርስ በአንድ ቀን ሩብ ኪሎ ቆሎ ይበቃል፤ በወር ሁለት ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። ጥርስ የሌላቸው አያት ግን ቆሎ እያዩ ነው የሚውሉት። ለእሳቸው ለስላሳ ዳቦ ወይም ንፍሮ ለብቻ ይታሰብ። ከሰል ለሦስቱም ቀን የቤቱ ስለሆነ በጆንያ መግዛቱ ያዋጣል።

የምትነጋገሩት በብር ሳይሆን በኪሎ ይሁን። ዋጋ ሲንር የተቆረጠ ብር ቀስ እያለ ያንሳል፣ ቡናው ከሦስት ቀን ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ይወርዳል፤ ማንም አይነግራችሁም። ብሩ ከቤት ወጪ ጋርም አይቀላቀል። ተቀላቅሎ ዘይትና ጤፍ ቢሆን ስርቆት አይደለም፣ የቤት ችግር ነው፤ ቡናው ግን ይቀራል። የሚሻለው በሰፈሩ ካለ ባለሱቅ ጋር ተስማምቶ በየወሩ መጀመሪያ ዕቃውን ቤት ድረስ እንዲያደርስ ማድረግ፣ ሂሳቡን ለእሱ በባንክ ወይም በቴሌብር መክፈል ነው። ለአጋዧ ልጅም ከደመወዟ ሌላ ትንሽ ጭማሪ አስቡ። መቁላቱ፣ መውቀጡ፣ ስኒ ማጠቡ በሥራዋ ላይ የተጨመረ ሥራ ነው፤ ካልታሰበላት መጀመሪያ የምትሰለቸው እሷ ናት።

ሰዓቱ 9 ሰዓት ተኩል ቢሆን ጥሩ ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ እናቶች እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ ስለማይቀምሱ ከዚያ በፊት ቢጠሩ አይመጡም። ቅዳሜ ጎረቤቱ ገበያ ነው፤ እሑድ ደግሞ ሰንበቴም ማኅበርም ለቅሶም አለ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ብትሉ ይሄዳል። በሐምሌ የከሰዓቱ ዝናብ ሰው ስለሚያስቀር ጾም ባልሆነ ቀን ወደ ረፋድ 4 ሰዓት ማዞር ይቻላል፤ ፍልሰታ ሲገባ ግን ወደ 9 ሰዓት ተኩሉ መመለስ ነው። ከመሸ በኋላ ቡና አይሁን፤ በዚያ ዕድሜ የማታ ቡና እንቅልፍ ይነሳል።

አቀማመጡ ላይ ብዙ ሰው አያስብም፣ ሥራው ግን ግማሹ እሱ ነው። አያት በርጩማ ላይ ወርደው መነሳት ስለማይችሉ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው፣ መቀመጫው ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ወንበር ያስፈልጋቸዋል። ያን ጊዜ ሌሎቹ በበርጩማ ዝቅ ብለው እርስ በርስ ሲያወሩ ወሬው ከአያት ጉልበት በታች ይቀራል። ጆሯቸውም ደከም ያለ ከሆነ ምንም አይሰሙም። ለጎረቤቶቹም ተመሳሳይ ከፍታ ያለው አግዳሚ ወንበር አሠሩ፤ ከላክነው ሁሉ ብዙ የሚያገለግለው ይህ እንጨት ሊሆን ይችላል። የበሩ ወይም የመስኮቱ ብርሃን ከአያት ጀርባ ሆኖ በእንግዶቹ ፊት ላይ ይረፍ። ብርሃኑ ከእንግዶቹ ጀርባ ከሆነ ለእሳቸው ሁሉም ጥቁር ጥላ ነው።

ማንደጃው ከእግራቸው ሁለት እርምጃ ይራቅ፤ በእሳቸውና በበሩ መካከል ፈጽሞ አይቀመጥ፤ የነጠላ ጫፍ እሳት ላይ ሲያርፍ የሚያዩት ሌሎች እንጂ እሳቸው አይደሉም። ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ ፍም ከሆነ በኋላ ይግባ፣ በሩ ክፍት ይሁን። ቡናው ሲያልቅ ማንደጃው ይውጣ። የጎንደር ብርድ ሲበረታ «ለሙቀት ይቆይ» ተብሎ በተዘጋ ክፍል የሚተው ፍም ሽታ የሌለው መርዝ ይለቃል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ካለ፣ ያልተለመደ እንቅልፍም ከያዛቸው፣ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ነው።

ስኒው ነጭ፣ የሚቀርብበት ትሪ ጥቁር ወይም ደማቅ ቀለም ያለው ይሁን፤ ነጭ በነጭ ላይ ለደከመ ዓይን የለም። ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርጎ መቅዳት፣ «እማማ፣ ስኒው በቀኝ እጅዎ ነው» ብሎ መዳፋቸው ውስጥ ማስያዝ። የገባ ሁሉ ከሰላምታው ጋር ስሙን ይናገር፣ የሚወጣም «ወጣሁ» ይበል። ለወጣ ሰው ሲያወሩ ቆይተው እንደሌለ የተረዱ አያት ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ይቀናቸዋል። እያንዳንዷ ጎረቤት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ብትቀመጥ ደግሞ ድምፁ ከየት እንደመጣ ስለሚያውቁ ጨዋታው ይቀላቸዋል።

አቦል ቀምሰው ቶናውን «በቃኝ» የሚሉ ከሆነ ቡናው መሮአቸው ነው ብላችሁ አትለፉት። ብዙ ጊዜ የሚፈሩት ሽንት ቤቱን ነው፤ በሰው ፊት «አንሱኝ» ማለት ያሳፍራቸዋል። አጋዧ ልጅ እንግዳ ከመግባቱ በፊትና ቡናው እንዳለቀ ሳትጠየቅ ታድርሳቸው። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ርቆ ካለ ለመኝታ ክፍላቸው ፖፖ ወይም መሐሉ የተቀደደ ወንበር ከነባልዲው አዘጋጁ።

ስልካችሁን በቡናው ሰዓት አታድርጉት። ከውጭ ስልክ ሲደወል ድምፁ ከፍ ይልና ሁሉም ከእናንተ ጋር ያወራል፤ አያት በራሳቸው ቡና ላይ ተመልካች ይሆናሉ። ቡና በሌለበት ቀን፣ ለምሳሌ ማክሰኞና ሐሙስ፣ በአንድ ቋሚ ሰዓት ደውሉ። አሜሪካ ዋሽንግተን ያለ ሰው በዚያ አገር በጋ፣ በእኛ ክረምት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ሲል ጎንደር 9 ሰዓት ተኩል ነው። እዚያ ሰዓቱ በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ሲመለስ የእናንተ ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይወርዳል፤ ቀድማችሁ የምትነቁት እናንተ ናችሁ፣ የአያት ሰዓት አይነካም። ስልኩ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ይሁን፤ አምስት ቁጥር ላይ በጣት የሚዳሰስ ነጥብ አለ፣ እሱን ይዘው ሌሎቹን ያገኛሉ። በኢንተርኔት ብቻ አትመኩ፤ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። የተለመደው የድምፅ ጥሪ ውድ ቢሆንም በሳምንት ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ በጀት ያዙለት።

ቡናው መካሄዱን ለማወቅ «ብሩ ደረሰ?» ወይም «ደህና ነዎት?» አይበቃም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። «ረቡዕ ማን ማን መጣ? የማን ተራ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰፈር ወሬ፣ የማን ልጅ እንዳገባ፣ የማን ላም እንደወለደች ከነገሩአችሁ ቤቱ ሰው አለው። የሚጠሩት ስም የልጃቸውና የአጋዧ ብቻ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ለአንጋፋዋ ጎረቤት ደውሉ።