አማካይ ወይስ አማካኝ? የሠንጠረዡስ ርእስ ምን ይበል?

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን የማዘጋጀው በአማርኛ ነው። በውጤት ምዕራፉ «አማካኝ» ብዬ የጻፍኩትን አማካሪዬ በሙሉ «አማካይ» ብለው አረሙት። «ተማሪዎች በወር የሚያነቡት አማካኝ የገጽ ብዛት» ያልኩትን የሠንጠረዥ ርእስም አልተቀበሉትም። ስሕተቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሁለቱም እርማቶች ተገቢ ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ይከብዳል።

«አማካይ» የወጣው «አማከለ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ግሡም ከግእዙ «ማእከል» ጋር ይዛመዳል። የመጨረሻ ፊደሉ «ለ» የሆነ ግሥ የአድራጊ ስም ሲወጣለት «ለ» ወደ «ይ» ይለወጣል፤ ገደለ ገዳይ፣ ከፈለ ከፋይ እንደሚል ማለት ነው። ወደ «ኝ» የሚለወጠው «ነ» ነው፤ ለመነ ለማኝ፣ ዘፈነ ዘፋኝ ይላል። እንግዲህ «አማካኝ» በዚህ ሕግ ቢሄድ ሥሩን ከ«መከነ» ሊስብ ነው፤ ከዚያው ሥር «አመከነ» ወጥቶ «ፈንጂ አምካኝ» እንላለን። የማማከልን ቃል ወደ ማምከን ማስጠጋት ለጆሮዬ ፈጽሞ አይስማማውም። «ኝ» የገባችው «መካከለኛ»ን በመምሰል ይመስለኛል።

«አማካይ ለእግር ኳስ ተጫዋቹ ይቅር፣ ለቁጥሩ አማካኝ ይለይ» የሚሉ አሉ። አልቀበለውም፤ ዐውዱ ብቻውን ሜዳውን ከቁጥሩ ይለያልና። ይሁን እንጂ በጋዜጣም በሬዲዮም «በአማካኝ» ሥር መስደዱን መካድ አልችልም፤ እንደ ስሕተት መቁጠሩም ከእንግዲህ የሚያዛልቅ አይደለም። ቢያንስ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን አይቀላቅሉ።

አሁን ወደ ርእሱ እንምጣ። «የሚያነቡት» የሚለው ቅርጽ ልማድን ያመለክታል። እርስዎ የጠየቁት ስለ አንድ ወር ከሆነ ግን ልማዱን አልለኩም፤ ስለዚህ «ያነበቡት» ሊሉ ይገባል። መልሱን ያገኙት በጽሑፍ መጠይቅ ከሆነ ደግሞ ሲያነቡ አላዩአቸውም፤ ልኩ «አነበብነው ያሉት» ነው። «ተማሪዎች» ብቻ ሲባልም አንባቢው ተማሪን ሁሉ ይረዳል። ለምሳሌ «መጠይቁን የሞሉት 9 ተማሪዎች» ቢሉ ግን ማን እንደተቆጠረም፣ ስንት እንደሆኑም ይታወቃል።

የእርስዎን መረጃ ስላላየሁት ምሳሌ ልፍጠር። ዘጠኝ ተማሪዎች በወሩ 30፣ 32፣ 35፣ 38፣ 40፣ 42፣ 45፣ 48 እና 320 ገጽ አነበብን አሉ እንበል። ድምሩ 630፣ አማካዩ 70 ነው። ከዘጠኙ ስምንቱ ግን 50 ገጽ እንኳ አልደረሱም፤ 70 የአንዳቸውንም ንባብ አይመስልም። በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚገኘው ቁጥር 40 ነው፤ ይህ ሚዲያን የብዙኃኑን ንባብ ይበልጥ ይመስላል። ሚዲያንን «መካከለኛ» ማለትን እመርጥ ነበር። ነገር ግን መጠይቆች «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» እያሉ ስለሚጠይቁ አንባቢው «መካከለኛ ንባብ 40 ገጽ» ሲባል ደኅና አንባቢዎች ናቸው ብሎ ሊረዳው ይችላል። ባዕድ ቃል ባልወድም እዚህ ላይ «ሚዲያን» ይሻላል።

አማካዩ እንዳላማከለ፣ ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካው መደበኛ ልይይትም ይናገራል። በዚህ ምሳሌ ወደ 94 ገጽ ይጠጋል፤ ከ70 ላይ 94 ሲቀነስ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ከዜሮ በታች ያነበበ ተማሪ ግን የለም። ከዜሮ ሊያንስ በማይችል ቆጠራ ላይ ልይይቱ ከአማካዩ ሲበልጥ፣ በአንድ ወገን የረዘመ ጅራት፣ ማለትም እንደ 320 ከብዙኃኑ እጅግ የራቀ ቁጥር እንዳለ ይጠርጥሩ። እንዲህ ያለውን መረጃ አማካዩን ብቻ በሚያሳይ ባር ግራፍ ማቅረብ ስምንቱን ተማሪዎች መሸፈን ነው። ዘጠኝ ሰው ብቻ ከሆነ እያንዳንዱን በነጥብ ማሳየት ይቻላል።

እኔ ብሆን ርእሱን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ሠንጠረዥ 2፦ መጠይቁን የሞሉት 9 ተማሪዎች በኅዳር ወር አነበብነው ያሉት የገጽ ብዛት»። በሠንጠረዡ ውስጥ አማካዩን 70፣ ሚዲያኑን 40፣ ዝቅተኛውን 30፣ ከፍተኛውን 320 ጎን ለጎን አሰፍራለሁ። «የንባብ ባህል ማደጉን የሚያሳይ» የሚል ሐረግ በርእሱ ላይ አይጨምሩ፤ የአንድ ወር ቆጠራ ማደግንም መቀነስንም ሊያሳይ አይችልም።

320ን ሳይመረምሩ አይለፉት። ተማሪው 32 ጽፎ ሲገለበጥ ዜሮ ተጨምሮበት እንደሆነ ከዋናው መጠይቅ ያመሳክሩ። በእርግጥ 320 ከሆነ ይቆይ፤ ከሠንጠረዡ ግርጌም «አንድ ተማሪ 320 ገጽ አንብቤያለሁ ብሏል፤ ያለ እርሱ የስምንቱ አማካይ 38.75 ነው» ብለው ይጻፉ።