የመኝታ ቤቱ 5.7

«ወንድሜ ከአሜሪካ የራዶን መለኪያ አምጥቶልኝ መኝታ ቤታችን ውስጥ አንድ ሌሊት ቢያድር 5.7 አሳየ። ቤታችን ደብረ ማርቆስ ነው፤ በጥቁር ድንጋይ የተሠራ፣ የኋላው ግድግዳ ተዳፋቱ ውስጥ የተቀበረ። ቀን ሱቅ ነው የምውለው። ድንጋዩ ይሆን? በዓመትስ ስንት ጨረር ይደርሰኛል?»
አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ

እህቴ፣ ራዶን ከመሬት የሚወጣ ጨረር የሚያመነጭ ጋዝ ነው። መጀመሪያ ከቁጥሩ አጠገብ ምን እንደተጻፈ ይዩ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ፣ አሜሪካኖች የራዶንን መጠን የሚለኩበት pCi/L ሳይሆን አይቀርም። እሱን በ37 ሲያባዙት በዓለም አቀፉ መለኪያ 211 ቤኬሬል በኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ቤት ውስጥ ከ100 ባይበልጥ ይመርጣል።

ድንጋዩን ግን አይጠርጥሩ። ጥቁር ድንጋያችን ባዝልት ነው፤ ከግራናይት ይልቅ ዩራኒየም ያንሰዋል። ራዶን በአብዛኛው የሚመጣው ከወለሉ ሥር ካለው አፈር ነው። ቤቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከአፈሩ ጋዙን በስንጥቁ ይስባል። ሌሊት በርና መስኮት ሲዘጋ ደግሞ ይጠራቀማል። ስለዚህ የአንድ ሌሊት ቁጥር የዓመት ቁጥር አይደለም። መለኪያውን ከግድግዳና ከመስኮት አርቀው፣ በተኙበት የራስዎ ከፍታ ላይ ሦስት ወር ያቆዩትና አማካዩን ያንብቡ።

አማካዩ 3.2 ወጣ እንበል፤ ይህ 118 ቤኬሬል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ሳይንስ ኮሚቴ በሚጠቀምበት ስሌት፣ አንድ ቤኬሬል ባለበት ቤት አንድ ሰዓት መቆየት ወደ 3.6 ናኖሲቨርት ይሰጣል፤ ሲቨርት ሰውነት የሚደርሰው ጨረር መለኪያ ነው፤ አንድ ሚሊሲቨርት ሚሊዮን ናኖሲቨርት ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቢተኙ በዓመት 3,285 ሰዓት ነው፤

```
118 × 3285 × 3.6 ≈ 1,400,000 nSv = 1.4 mSv
```

በሩ ተከፍቶ የሚውለው ሱቅ 20 ቤኬሬል ቢኖረው፣ 12 ሰዓት ሲውሉበት 0.3 ይጨምራል። የሌሊቱን 211 ይዘው፣ ሰው በዓመት ቤት ውስጥ ይቆያል ተብሎ በሚታሰበው 7,000 ሰዓት ቢያሰሉት ግን 5.3 ያገኙና በከንቱ ይደነግጣሉ።

የቀረው ከራዶን ውጪ ያለው ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከጠፈር የሚመጣው ጨረር ባሕር ዳርቻ ካለው በእጥፍ ይበልጣል፤ 0.8 ያህል ይያዙለት። ከመሬት 0.5፣ ከምንበላውና ከምንጠጣው 0.3። ድምሩ 3.3 ሚሊሲቨርት ነው፤ የዓለም አማካይ 2.4። ከፍታውን መቀነስ አይቻልም፤ የሚቀነሰው የመኝታ ቤቱ 1.4 ብቻ ነው።

ወለሉና የተቀበረው ግድግዳ የሚገናኙበትን ጠርዝ በባትሪ ይመልከቱ፤ ሲሚንቶው አብዛኛውን ጊዜ የሚለያየው እዚያ ነው። ስንጥቁንና የቧንቧ መግቢያውን ይድፈኑ፤ መስኮቱንም ሌሊት ጣት የምታስገባ ያህል ገርበብ ያድርጉት። ከዚያ እንደገና ይለኩ። የመጀመሪያውን በክረምት ለክተው ሁለተኛውን በበጋ ከለኩ ግን፣ ቁጥሩ የቀነሰው በድፈናው ይሁን መስኮቱ ቀን በመከፈቱ አይለይም፤ ክረምትን ከክረምት ጋር ያነጻጽሩ።