«የሚጠብቁት ደመወዝ» ለሚለው ክፍት ቦታ ቁጥሩን ከየት እናምጣው?

በሐዋሳ ሥራ ለምትፈልጉ ልጆቼ፣

የሥራ ማመልከቻ ስትሞሉ ስም፣ ስልክ፣ ትምህርትና ልምድ በአንድ ትንፋሽ ያልቃሉ። ከዚያ «የሚጠብቁት ደመወዝ» የሚል ክፍት ቦታ ይመጣና እጃችሁ ይቆማል። አንዳንዳችሁ «ሥራው እንዳያመልጠኝ» ብላችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ። አንዳንዳችሁ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ቁጥር እንዳለ ትገለብጣላችሁ። በሁለቱም መንገድ የተጻፈው ቁጥር በሂሳብ የተገኘ አይደለም። በሰው ሀብት ሥራ እንዳረጀ ሰው ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ሂሳብ ነው።

መጀመሪያ በቀጣሪው በኩል ያለውን እወቁ። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ለቦታው በጀት ተይዟል፤ ብዙ ጊዜም ከዚህ እስከዚህ የሚል ስኬል አለ። የአመልካቾች ዝርዝር በኤክሴል ሲወጣ ደመወዝ አንድ ዓምድ ሆኖ ይቀመጣል። ከበጀቱ እጅግ የራቀው ወደ ጎን ይደረጋል፣ በበጀቱ ውስጥ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ይነበባል። በጣም ዝቅ ያለውም ይነበባል፤ ችግሩ ግን ያ ቁጥር ፋይሉ ውስጥ መቅረቱ ነው። ስኬሉ ከፍ ብሎ ሳለ «እሷ የጠየቀችው ይኼ ነው» ብሎ የተጻፈውን ብቻ የሚሰጥ ድርጅት ሞልቷል። ከተቀጠራችሁ በኋላ የሚመጣው ጭማሪም በመቶኛ ስለሚሰላ፣ ያ ዝቅ ያለ መነሻ ለዓመታት ይከተላችኋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ማመልከቻው «የተጣራ» ብሎ ካልጠየቀ በቀር ቀጣሪ የጻፋችሁትን የሚያነበው ያልተጣራ፣ ማለትም ግሮስ ብሎ ነው። እናንተ ግን ስታስቡ የምታስቡት እጃችሁ የሚገባውን ነው። ወጣቶች ሳያውቁት ራሳቸውን የሚያረክሱት በብዛት እዚህ ላይ ነው።

15,000 ብር እጄ ቢገባ ይበቃኛል ብሎ 15,000 የጻፈን ሰው እንውሰድ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ መሠረት ከ14,000 ብር በላይ ለሆነ ደመወዝ ግብሩ ሙሉ ደመወዙ በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ብር ሲቀነስለት ነው። የ15,000 ብር ግብር 3,200 ብር ይሆናል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፣ 1,050 ብር። እጁ የሚገባው 10,750 ብር ብቻ ነው። ያሰበው 15,000 እንዲደርሰው መጻፍ የነበረበት 22,300 ብር አካባቢ ነበር። ይህ ሰው አንድም ሰው ሳይከራከረው፣ ገና ቤቱ ተቀምጦ ሳለ፣ ከሰባት ሺህ ብር በላይ ከደመወዙ ላይ ቀንሷል።

ከተጣራው ተነስታችሁ ያልተጣራውን ለማግኘት ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል፦

```
ያልተጣራ = (የተጣራ - 2050) ÷ 0.58
```

ይህ የሚሠራው እጃችሁ እንዲገባ የምትፈልጉት ከ10,170 ብር በላይ ሲሆን ነው። ከ7,650 እስከ 10,170 ባለው መካከል ከሆነ 1,350 ቀንሱና ለ0.63 አካፍሉ። ሁለቱም ደመወዙ በሙሉ መነሻ ደመወዝ ነው በሚል ግምት የተሠሩ ናቸው። ግብር የማይነካው ወይም ጡረታ የማይቆረጥበት አበል ካለ ውጤቱ በጥቂቱ ይለያል፤ ለማመልከቻ ግን ይበቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ከየትኛው የተጣራ ቁጥር እንነሳ የሚለው ነው። አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ 14,000 ብር ይከፈላታል እንበል። ግብር 2,850፣ ጡረታ 980 ሲቆረጥ እጇ የሚገባው 10,170 ብር ነው። ፋብሪካው ሰርቪስ አለው፣ ምሳም ያበላል። አሁን ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ የንግድ ድርጅት ልታመለክት ነው፤ እዚያ ሰርቪስም ምሳም የለም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «14,000 አገኛለሁ፣ 18,000 ብል ጥሩ ጭማሪ ነው» ይላል። እስኪ በወር 26 የሥራ ቀን ይዘን እናስላው። ለባጃጅ ደርሶ መልስ በቀን 40 ብር ብታወጣ በወር 1,040 ይሆናል። ምሳ 120 ብር ቢሆን 3,120። በድምሩ 4,160 ብር አዲስ ወጪ መጣ። ስለዚህ የዛሬ ኑሮዋን ሳታሻሽል እንዲያው እንዳለች ለመቀጠል እንኳ 14,330 ብር እጇ መግባት አለበት። በቀመሩ ሲሰላ ያልተጣራው ወደ 21,200 ብር ይጠጋል። በ18,000 ብትቀጠር እጇ የሚገባው 12,490 ነው፤ ባጃጁና ምሳው ሲወጣለት 8,330 ይቀራታል። ደመወዟ በአራት ሺህ ጨምሮ ኑሮዋ በ1,840 ብር ወረደ ማለት ነው። የባጃጁንና የምሳውን ዋጋ በየሰፈራችሁ ባለው ተኩት፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

21,200 ወለሏ ነው። ወለሉን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት እንጂ ማመልከቻው ላይ አትጻፉት። ሥራ መቀየር የራሱ ስጋት አለው፤ አዲስ አለቃ፣ አዲስ አሠራር፣ የሙከራ ጊዜ። ለዚያ ሁሉ በወር 2,000 ብር ብልጫ ብትፈልግ የተጣራው 16,330፣ ያልተጣራው ደግሞ 24,600 ገደማ ይሆናል። ማመልከቻው ላይ የምትጽፈው ከዚህ ይነሳል።

ግን ገበያው ይህን ይሸከማል? ይህ ሳይታወቅ አይጻፍም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ደረጃውንና ደመወዙን በግልጽ ስለሚያወጣ ለዝቅተኛው ወገን ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በቴሌግራም ከሚወጡት የግል ድርጅቶች ማስታወቂያ መካከልም ደመወዝ የሚጠቅሱ አሉ፤ ተመሳሳይ መደብና ተመሳሳይ የልምድ ዓመት ያላቸውን አምስት ስድስት ሰብስቡ። ከሁሉም የሚሻለው ግን በዚያው መደብ ላይ የሚሠራ ሰው ነው። «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ያፍራል ወይም ይደብቃችኋል። «ሁለት ዓመት የሠራ ሰው እናንተ ጋ ከስንት እስከ ስንት ይነሳል?» በሉት፣ ይነግራችኋል። ዋናው መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ከሆነ ድርጅት ስኬሉ የሚወጣው ከዚያ ነውና የሐዋሳን ወሬ ብቻ ይዛችሁ አትነሱ። ማስታወቂያው ላይ ስልክ ካለም ደውላችሁ «ለቦታው የተያዘ ስኬል ካለ ብትነግሩኝ» ማለት ነውር የለውም።

የልጅቷ ገበያ ከ20,000 እስከ 26,000 ሆኖ ተገኘ እንበል። 24,600 ውስጡ አለ፤ እንግዲህ በልበ ሙሉነት ትጻፍ። ገበያው 19,000 ላይ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ግን ወለሏን አይደርስም፤ ጊዜዋን ለሌላ ማመልከቻ ብታውለው ይሻላል።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ ጽሑፍ የሚቀበል ቦታ ከሆነ እንዲህ ቢጻፍ እመርጣለሁ፦ «ያልተጣራ መነሻ ደመወዝ በወር ከ24,500 እስከ 26,500 ብር፤ እንደ ጥቅማ ጥቅሙ ሁኔታ ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ።» ቀጣሪ ሁልጊዜ የሚያየው የታችኛውን ቁጥር ስለሆነ የታችኛው ቁጥር የምትፈልጉት እንጂ ወለላችሁ አይሁን። ልዩነቱንም አታስፉት፤ «ከ18,000 እስከ 28,000» ያለ ሰው 18,000 ብሏል። ቁጥር ብቻ የሚቀበል ሲሆን ያለ ነጠላ ሰረዝና ያለ «ብር» 24500 ብላችሁ አስገቡ፤ ኮማ ስትጨምሩ የማይቀበል ፎርም አለ። 0 ወይም 1 ጽፎ ማለፍን አልመክርም፣ በዝርዝሩ ላይ ሳይሞላ የቀረ ይመስላል። «በስምምነት» ብሎ መጻፍ ኃጢአት ባይሆንም የመጀመሪያውን ቁጥር ለቀጣሪው መተው ነው፤ ገበያውን ማወቅ ባልቻላችሁበት ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበት። የውጭ ድርጅት ፎርም ደግሞ የዓመት ደመወዝ ሊጠይቅ ይችላልና አንብቡ። የዓመት በሚለው ላይ 24500 የሞላ ሰው በወር 2,042 ብር ጠይቋል፤ መጻፍ የነበረበት 294000 ነው።

«አሁን የሚከፈልዎት ደመወዝ» የሚል ከጎኑ ካለ እውነቱን ጻፉ። እኛ አገር የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ደመወዝና ግብር መከፈሉ ስለሚገለጽ የተጋነነው ቁጥር ደብዳቤው በቀረበ ዕለት ይጋለጣል፤ ያኔ የሚጠፋው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ቦታውም ነው። የልጅቷ መልስ «14,000 ብር፣ በተጨማሪ ሰርቪስና ምሳ» ቢሆን ግን ለጠየቀችው ጭማሪ ራሱ ምክንያት ይሆናታል።

ከዚያ ስልክ ይደወላል። «ያልሽው ለእኛ ይበዛል» ሊባል ይችላል። በዚያች ደቂቃ ቶሎ ብሎ መቀነስ የሁላችንም ልማድ ነው፣ ይሉኝታችን ይቀድመናል። ከመቀነስ በፊት «ለቦታው የያዛችሁት ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅና ዝም ብሎ መስማት ይገባል። «22,000» ካሉ ከወለሉ በላይ ነው፤ «የሙከራ ጊዜዬን ስጨርስ ወደ 24,500 የሚስተካከል ከሆነ እቀበላለሁ፣ ይህም በደብዳቤው ላይ ቢገለጽ» ማለት ይቻላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ሩቅ ቀጠሮ አይደለም። «20,000» ካሉ ግን ከወለል በታች ነው፤ ሰርቪስ ወይም ምሳ ይጨመር እንደሆነ ጠይቁ፣ ካልሆነ አመስግናችሁ ተዉት።

የቅጥር ደብዳቤው ሲመጣ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አትዩ። 24,500 ብር ተብሎ ውስጡ 16,000 መነሻ ደመወዝ፣ 8,500 አበል ሊሆን ይችላል። ጡረታ የሚታሰበው በመነሻው ላይ ስለሆነ በየወሩ እጃችሁ የሚገባው እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል። አሠሪው በስማችሁ የሚያስገባው 11 በመቶ ግን ከ2,695 ወደ 1,760 ብር ይወርዳል። የትርፍ ሰዓትና የሥራ ስንብት ክፍያም የሚሰሉት በደመወዙ እንጂ በአበሉ አይደለም። ማመልከቻው ላይ «መነሻ ደመወዝ» የሚለውን ቃል ጻፉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ በወረቀት ተፈርሞ እጃችሁ ሳይገባ አሁን ላላችሁበት መሥሪያ ቤት የሥራ መልቀቂያ አታስገቡ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለባችሁም አዲሱን ሥራ የምትጀምሩበትን ቀን ስትነግሯቸው ያንን ወር ቆጥራችሁ ንገሯቸው።