ፕሮግራሙ «ሄዱ»ን «ሂዱ» ሲያደርገው

ጥያቄ፦ መምህር፣ አንድ የቆየ የአማርኛ መጽሐፍ ስካን አድርጌ በጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም ወደ ኮምፒውተር ጽሑፍ ቀየርኩት። ስሕተቱ ብዙ ነው፤ በፊደል አራሚ ባሳልፈውም አልጠራልኝም። እንዴት ላርመው?

መልስ፦ አራሚው የሚይዘው በአማርኛ የሌለ ቃል ሲያጋጥመው ብቻ ነው። የሚያስቸግረው ስሕተት ግን ሌላ ትክክለኛ ቃል ሆኖ የሚያርፈው ነው። «እንግዶቹ ወደ ቤት ሄዱ» የሚለው «እንግዶቹ ወደ ቢት ሂዱ» ሆኖ ወጣ እንበል። «ቢት» ወዲያው ይሰመርበታል፤ «ሂዱ» ግን ደህና ትእዛዝ ስለሆነ ያልፋል። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው። «ቤ» እና «ሄ» ከእግራቸው ሥር ቀለበት አላቸው፣ «ቢ» እና «ሂ» አጭር ጭረት ብቻ። በድሮ ኅትመት ቀለበቱን ቀለም ሲሞላው ፕሮግራሙ ኃምሱን ሣልስ አድርጎ ያነበዋል።

ስለዚህ «ቢት»ን አርመው ብቻ አይለፉ፤ ምስክር ነውና ይጠይቁት። በገጹ ላይ «ቢት»፣ «ጊዚ»፣ «ሊላ» ካዩ የጠፋው ቀለበት ነው፤ «ሂዱ»ን በሙሉ አንድ በአንድ ይመርምሩ። «ልጆች» «ልጆት» ሆኖ ካገኙት ደግሞ የጠፋው ከፊደሉ አናት ላይ ያለው ሰረዝ ነው። ያን ጊዜ «መጣች» «መጣት»፣ «ነኝ»ም «ነን» ሆኖ ተደብቆ ይሆናል። ጽሑፉን out.txt በሚል ስም ካስቀመጡት፣ የሚጠረጠሩትን ቃላት በአንድ ጊዜ ለማውጣት ይህ የተርሚናል ትእዛዝ ይበቃል፦

```
grep -nE 'ሂዱ|መጣት|ነን' out.txt
```

የወጣውን መስመር በሰዋስው ይፈትኑት። «እንግዶቹ» ሦስተኛ መደብ ስለሆነ ትእዛዝ አይከተለውም፤ «እኔ ተማሪ ነን»ም ራሱን ያጋልጣል። ችግሩ አማርኛ ተውላጠ ስሙን መጣል ይወዳል፤ «ተማሪ ነን» ብቻ ከተገኘ ከገጹ ምስል በቀር ዳኛ የለውም።

ሰረዙ በብዛት የሚጠፋ ከሆነ ማረሙን ትተው ገጹን እንደገና ስካን ያድርጉት። ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚለው ምርጫ ቀጫጭን መስመሮችን ስለሚበላ ግራጫውን ይምረጡ፤ በኢንች ቢያንስ 300 ነጥብ፣ ፊደሉ ደቃቅ ከሆነ 400።

ሥርዓተ ነጥቡ ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ይጠብቁ። መጀመሪያ «::»ን በ«።» ይተኩ፣ ቀጥሎ የቀረውን «:» በ«፡»። ከገለበጡት «፡፡» ይወጣል፤ ለዓይን አራት ነጥብ ይመስላል፣ በፍለጋ ግን «።» ሲባል አይገኝም። እንደ 3:45 ያለ ሰዓት ካለ እንዳይነካ።

«ሠ»ን ከ«ሰ»፣ «ሐ»ን ከ«ሀ» ጋር አንድ የሚያደርግ መሣሪያ ግን ጨርሶ አይጠቀሙ። «ንጉሥ» በሠ የጻፈው ደራሲው ነው፣ ስካነሩ አይደለም።